የኮቴሽን የክፍያ አንቀጽ፦ "ዕቃው ሲደርስ 40%" የሚለውን እንዴት ላጥብቀው?

ኮቴሽን_ጸሐፊ
ሰላም ለሁላችሁ። ማሽን አስመጥተን ገጥመን የምናስረክብ ትንሽ ድርጅት ውስጥ ሽያጭ ላይ ነው የምሠራው፣ ኮቴሽኑን የማዘጋጀው እኔ ነኝ። የክፍያ አንቀጻችንን ከኔ በፊት ከነበረው ልጅ ነው የተረከብኩት፣ ዓመታት ሙሉ ኮፒ ፔስት ሲደረግ የኖረ ነው፣ እንዲህ ይላል፦

"አከፋፈል፦ 50% ቅድሚያ፣ 40% ዕቃው ሲደርስ፣ ቀሪው 10% ሥራው ሲጠናቀቅ።"

ባለፈው የጠርሙስ መሙያ ማሽን ሸጥን። ማሽኑና የኮንትሮል ሳጥኑ ገዢው ግቢ ገቡ፣ ኮንቬየሩ ግን በሌላ መኪና ስለነበር 19 ቀን ዘግይቶ መጣ። 40% ስንጠይቅ ገዢው ዕቃው ገና አልደረሰም፣ ሲሟላ እከፍላለሁ አለ። ልክ ነው አይደለም ብለን ብንከራከርም ወረቀቱ ላይ የሚረዳን አንድ ቃል የለም። ከዛ ገጠምነው፣ ለመሞከር ግን የአየር ግፊት መስመር ያስፈልጋል፣ እሱን የሚዘረጋው ገዢው ነው፣ አልዘረጋም። ይኸው አምስት ወር ሆነው፣ ሥራው "ስላልተጠናቀቀ" 10%ቱ እዛው ቀርቷል። አለቃዬ አንቀጹን አጥብቂው ብሎኛል። ቁጥሩን ነው የምቀይረው ወይስ ቃሉን? የሠራበት ሰው ካለ ይንገረኝ።

ቆራጡ
እህቴ ነገሩን አታወሳስቢው። አድቫንሱን 70 አድርጊው፣ 20 ሲደርስ፣ 10 መጨረሻ ላይ። እኔ 11 ዓመት በዚህ ነው የሠራሁት፣ ብሩ አንቺ ጋ ካለ ተከራካሪው ገዢው ይሆናል፣ ብሩ እሱ ጋ ካለ ተከራካሪዋ አንቺ ነሽ። ቃላት ማሳመር ለጠበቃ ነው የሚጠቅመው።

ጭነት_01
እኔ እንደሚመስለኝ ችግሩ ኢንኮተርም፣ ማለት ሻጭና ገዢ የማጓጓዣ ወጪንና ሪስክን የሚከፋፈሉበትን ዓለም አቀፍ የንግድ ቃል፣ አለመጻፍሽ ነው። ኢንኮተርምስ 2020 ሲአይፒ ብለሽ የገዢውን ግቢ አድራሻ ጻፊ፣ ያኔ ዴሊቨሪ ማለት ግቢው መድረስ ማለት ነው፣ ክርክር አይኖርም።

ጋሽ_ሰነድ
ጭነት_01 እዚህ ጋ ተጠንቀቅ ወንድሜ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳትባት ቦታ ነች። በሲአይፒ ሻጭ እስከ መድረሻው ማጓጓዣና ኢንሹራንስ ይከፍላል እንጂ ዴሊቨሪው የሚፈጸመው ዕቃውን ለመጀመሪያው አጓጓዥ ሲያስረክብ ነው፣ ሪስኩም እዛው ያልፋል። ስለዚህ ሲአይፒ ብለሽ "ዴሊቨሪ ላይ 40%" ካልሽ ሻጭ መኪና ላይ ሲጫን ይላል፣ ገዢ ግቢዬ ሲገባ ይላል፣ ሁለቱም የሚያስረዱበት ነገር አላቸው። ክፍያውን ከግቢው ጋ ማሰር የምትፈልጊ ከሆነ ዲኤፒ ነው የሚቀርበው፣ እሱ ዕቃው የተስማማችሁበት ቦታ መጥቶ መኪናው ላይ እንዳለ ለማራገፍ ዝግጁ ሲሆን ነው ደረሰ የሚለው። ማራገፉ የገዢው ነው፣ ክሬን አጥቶ ሁለት ቀን ቢያቆመው ደርሷል።

ወደ ጥያቄሽ ልመለስና፣ መጀመሪያ ቃሉን ነው የምትቀይሪው። "ሲደርስ" እና "ሲጠናቀቅ" የሚሉት ቃላት የሚያረጋግጣቸው ወረቀት የላቸውም። አንድ ክፍያ ከአንድ ክንውን ጋር ታስሯል የሚባለው ያ ክንውን መፈጸሙን የሚያሳይ የተፈረመ ነገር ሲኖር፣ ከዛ ፊርማ ስንት ቀን እንደሚቆጠር ሲጻፍ፣ እና ክንውኑ በገዢው ምክንያት ካልተፈጸመ ምን እንደሚሆን ሲታወቅ ነው። ያንቺ አንቀጽ ሦስቱም የሉትም፣ በተለይ ሦስተኛው ነው አምስት ወር ያስቀመጠሽ።

ቁጥሩን ደግሞ በግምት አትንኪው። የሽያጩን ዋጋ 100 አድርጊና ከዛ ውስጥ ለፋብሪካው ስንት፣ መቼ ትከፍላላችሁ? ማጓጓዣው ስንት? ገጠማው ስንት? ይህን ንገሪኝ፣ ከዛ እናወራለን።

የወንበር_ነጋዴ
የቢሮ ዕቃ ነው የምሸጠው እና በኔ ላይ የደረሰው ተመሳሳይ ነው። 240 ጠረጴዛ በሦስት ዙር አስገባሁ፣ ኮቴሽኔ ላይ "ቀሪው ሲደርስ" ነበር የሚለው። የመጀመሪያው 80 ገባ፣ ሰዎቹ ቁጭ ብለው ይሠሩበታል፣ ሁለተኛው 80 ገባ፣ እሱም ላይ ይሠራሉ፣ ክፍያ ግን የለም፣ ምክንያቱም 240ው "አልደረሰማ"። ሦስተኛው ዙር ገብቶ እንኳ የአንዱ ካርቶን ብሎን ጎደለ ተብሎ ሌላ ሁለት ሳምንት ቆየ። ከዛ በኋላ እኔ በየዙሩ የደረሰው በዋጋው ልክ ይከፈላል ብዬ ነው የምጽፈው፣ ለያንዳንዱ ዙር የራሱ ማስረከቢያ ይፈረማል፣ የራሱ ኢንቮይስ ይወጣል። የጎደለ ካለ የጎደለው ዋጋ ብቻ ይያዛል። ለኔ ችግሩ በዚህ አልቋል። ማሽን ላይ ይሠራ አይሠራ አላውቅም።

ኮቴሽን_ጸሐፊ
አመሰግናለሁ። ጋሼ ሂሳቡን አየሁት፣ ከ100 ሲሰላ እንዲህ ነው። ለፋብሪካው 60፣ ከዛ ውስጥ 24 ትዕዛዝ ስንሰጥ፣ 36 ከመጫኑ በፊት። ማጓጓዣና ክሊራንስ 9። ገጠማ፣ ሙከራና ሥልጠና 11። የኛ ትርፍ 20 መሆኑ ነው። ፋብሪካው ማሽኑን ለመጨረስ 10 ሳምንት ያህል ይወስዳል።

ጋሽ_ሰነድ
ጥሩ። አሁን አብረን እንቁጠር።

በድሮው አንቀጽ፣ ትዕዛዝ ላይ 50 ገባልሽ፣ 24 ወጣ፣ እጅሽ ላይ 26 ቀረ። ያ 26 ለ10 ሳምንት ምንም ሳይሠራ ይቀመጣል፣ ገዢው ደግሞ ያን ያህል ጊዜ ገንዘቡን ሰጥቶ ማሽን አላየም። ከመጫኑ በፊት 36 ስትከፍይ ግን 10 ጎደለሽ። ማጓጓዣው ሲጨመር 19 ጎደለሽ። ማለት ማሽኑ ግቢው በር ላይ ቆሞ ከኪስሽ 19 ወጥቷል፣ ያኔ ነው ገዢው ኮንቬየሩ አልመጣም ያለሽ፣ ያን 19 ነው 19 ቀን የተሸከምሽው። 40ው ሲከፈል ወደ ላይ ትወጫለሽ፣ ገጠማውን ስትጨርሺ እጅሽ ላይ ያለው 10 ነው፣ ያልተከፈለው ሌላው 10 ደግሞ የትርፍሽ ግማሽ ነው። አምስት ወር የቀረው እሱ ነው።

አሁን 30፣ 30፣ 30፣ 10 አድርጊው። 30 ትዕዛዝ ላይ፤ 24 ትከፍያለሽ፣ 6 ይተርፋል። ሁለተኛው 30 ፋብሪካው ማሽኑን ጨርሶ ፈትሾ ለመጫን ዝግጁ ሲያደርገው፤ እሱ ሲገባ ነው 36ቱን የምትከፍይው፣ ዜሮ ላይ ነሽ። ማጓጓዣ ሲወጣ 9 ብቻ ነው የጎደለሽ፣ በፊት ከነበረው 19 ከግማሽ በታች። ሦስተኛው 30 ግቢው ሲደርስ፣ ከዛ በኋላ ከድሮው ጋር እኩል ነሽ።

ይታይሽ፣ አድቫንሱ ከ50 ወደ 30 ወርዶ ያንቺ አደጋ ቀነሰ። ለገዢውም የምትነግሪው ይሄንኑ ነው፣ ማሽኑ ሳይኖር ግማሽ ዋጋ አትከፍልም፣ ሁለተኛውን የምትከፍለው ማሽኑ ተሠርቶ ሲያልቅ ነው።

ቆራጡ ያለው 70ም በቁጥር ይሠራል፣ አልዋሽም፣ እስከ በሩ ድረስ 69 ወጥቶ 70 ይዘሻል። ግን የቀረው 30 ውስጥ የገጠማው 11 እና ከትርፍሽ 19 አለ፣ እነሱ አሁንም "ሲደርስ" እና "መጨረሻ" በሚሉ ቃላት ነው የተንጠለጠሉት።

ቆራጡ
ሂሳቡን ተቀበልኩ። ቢሆንም ሁለተኛው 30 ላይ ገዢው ቢዘገይስ? ማሽኑ ፋብሪካ ቁጭ ብሎ ፋብሪካው የማከማቻ ይጠይቃል፣ አንቺ ደግሞ በ16 ሳምንት አስረክባለሁ ብለሽ ፈርመሻል፣ የዘገየሽው አንቺ ትሆኛለሽ። እኔ 70 የምለው ለዚህ ነው።

ጋሽ_ሰነድ
ልክ ነህ፣ ይሄ ካልተጻፈ ያ ሁለተኛ ክፍያ ራሱ ወጥመድ ነው። ሁለት ዓረፍተ ነገር ያስፈልገዋል። አንደኛ የማስረከቢያው ጊዜ መቆጠር የሚጀምረው የመጀመሪያው 30 ሂሳብ ከገባበት ቀን ነው፣ ኮቴሽኑ ከተፈረመበት አይደለም። ሁለተኛ፣ ሁለተኛው 30 በዘገየ ቁጥር የማስረከቢያው ቀን በዛው ልክ ይገፋል፣ የማከማቻ ወጪ ካለም የገዢው ነው።

ከገዢ_ወገን
ግዥ ክፍል ነው የምሠራው፣ ከማዶ ሆኜ ልናገር። ይህን አንቀጽ ብትልኩልኝ በሁለት ቦታ እመልሰዋለሁ።

"ማሽኑ ዝግጁ ነው" የሚል ኢሜይል ብቻ አይቼ 30% አልከፍልም። እስከዛ 60% ከፍዬ በእጄ ያለው ወረቀት ብቻ ነው የሚሆነው። የፋብሪካ ፍተሻ ሪፖርት፣ የማሽኑ ሴሪያል ቁጥር ያለበት፣ እና እኔ ወይ የላክሁት ሰው በአካል ወይ በቀጥታ ቪዲዮ የማይበት ዕድል ይኑረኝ። የሚያስከፋ ነገር ካየሁ ስንት ቀን ውስጥ እንደምናገር ይጻፍ። ለከፈልኩትም የባንክ ጋራንቲ እጠይቃለሁ።

ሁለተኛ በከፊል የደረሰ በዋጋው ልክ ይከፈል የሚለው ለጠረጴዛ ይሠራል፣ 80 ጠረጴዛ 80 ሰው ያስቀምጣል። ማሽን ግን ኮንትሮል ሳጥኑ ከሌለ በዋጋ 95% ቢደርስም ለኔ ብረት ነው። ሻጭ ደግሞ ኮቴሽኑ ላይ የየዕቃውን መስመር ዋጋ ሲከፋፍል ቶሎ የሚመጣው ላይ ሊያበዛው ይችላል፣ አይቻለሁ።

የወንበር_ነጋዴ
የመስመር ዋጋው ኮቴሽኑ ላይ አስቀድሞ ተጽፎ ካለና ገዢው ካየው ማበዛዘት አይቻልም እኮ።

ከገዢ_ወገን
ይቻላል ወንድሜ። ኮቴሽን ስንገመግም ጠቅላላውን ነው የምናወዳድረው፣ መስመር በመስመር የሚያይ ጥቂት ነው።

ኮቴሽን_ጸሐፊ
ኮንቬየሩ ብቻውን ከጠቅላላው 8 ነው። በዋጋ ልክ ቢሆን ኖሮ በ19 ቀኑ ውስጥ አብዛኛውን እንቀበል ነበር። ግን ያሉት ይገባኛል፣ ያለ ኮንቬየር ማሽኑ ቆሞ ነበር። እንዲህ ቢሆንስ፣ ከ30 ውስጥ 24 ዋናው ማሽንና ኮንትሮል ሳጥኑ አብረው ሲደርሱ፣ 6 ደግሞ የቀረው ሁሉ ሲሟላ? ማለት በዋጋ ሳይሆን በስም የተጠቀሰ ዕቃ ላይ ይታሰር።

ከገዢ_ወገን
ይሄ ለኔ ይሻላል። የቱ ዕቃ እንደሆነ በስም ካወቅኩ ስቶር ያለው ልጅም ምን እንደሚፈርም ያውቃል።

ጋሽ_ሰነድ
ጎበዝ፣ ጥሩ መንገድ ነው። ማስረከቢያ ሰነዱ ላይም ተጠንቀቂ፣ ማን እንደሚፈርም በኃላፊነት ስሙ ይጻፍ። ዘበኛው ፈርሞ በኋላ "እሱ ሥልጣን የለውም" የተባለበት ጉዳይ እጄ ላይ አልፏል፣ መኪናው ሌሊት ነበር የገባው። እና ፊርማው የደረሰውን ቁጥርና ከውጭ የሚታየውን ሁኔታ ብቻ የሚያረጋግጥ ይሁን፣ መሥራቱን አይደለም፣ ያ የመጨረሻው 10 ጉዳይ ነው። ሁለቱን ከደባለቅሽ ገዢው ሳይሞክር አልፈርምም ይልሻል፣ ልክም ነው።

ጋራንቲውን በተመለከተ መስጠት ይቻላል፣ ግን ዕቃው ሲደርስ ጋራንቲው እንደሚያበቃ ይጻፍ። አለዚያ ማሽኑ ግቢው ቆሞም ባንኩ መያዣሽን አይለቅም፣ ክፍያ እየተቀበልሽ ገንዘብሽ ታስሯል ማለት ነው።

አሁን ያ 10። "ሥራው ሲጠናቀቅ" የሚለውን በቁጥር ተኪው። ማሽኑ በሰዓት ስንት ጠርሙስ ነው?

ኮቴሽን_ጸሐፊ
1,800። የአየር ግፊቱ 6 ባር ያስፈልገዋል። ለሙከራ ጠርሙስና ፈሳሹን የሚያቀርበው ገዢው ነው።

ጋሽ_ሰነድ
እንግዲያው ርክክብ ማለት በሰዓት 1,800 ለ4 ተከታታይ ሰዓት ሲሞላ ነው፣ የሚጣለው ጠርሙስ ከስንት በመቶ እንደማይበልጥም ተስማሙበት። ገዢው ማቅረብ ያለበት ነገር ከነመለኪያው ይዘርዘር፣ አየር 6 ባር፣ መብራት፣ ጠርሙስ፣ ፈሳሽ፣ ለ4 ሰዓት የሚበቃ። ይህ ዝርዝር የሚጠቅመው መንገዱን ሲዘጋብሽ ነው፣ ምክንያቱም "ዝግጁ ነን፣ 6 ባር የለም" ብለሽ ቀን ያለበት ደብዳቤ መጻፍ ትችያለሽ፣ ከዛ ደብዳቤ 30 ቀን ይቆጠራል፣ 30ኛው ቀን ላይ ክፍያው ይደርሳል።

ከገዢ_ወገን
እዚህ ጋ ነው ብዙ ሻጭ የሚያበላሸው። "በ30 ቀን ካልተሞከረ እንደተረከበ ይቆጠራል" ብለው ይጽፋሉ፣ እሱን አልፈርምም፣ ማሽኑ ቢሠራም ባይሠራም ተቀበል ማለት ነው። ገንዘቡን መክፈል ሌላ፣ ማሽኑን ተቀብያለሁ ማለት ሌላ።

ጋሽ_ሰነድ
እውነት ነው። ክፍያው ይድረስ፣ ሙከራው ግን ከሻጭ ላይ አይነሳ። ይህን ከጻፍሽ ገዢ ለመፈረም የሚያመነታበት ምክንያት ይቀንሳል።

ኮቴሽን_ጸሐፊ
ይኸው ሞከርኩት፣ እዩልኝ፦

"አከፋፈል።
ሀ. 30% የግዥ ትዕዛዙ በተፈረመ በ5 የሥራ ቀን ውስጥ። የማስረከቢያው ጊዜ መቆጠር የሚጀምረው ይህ ክፍያ ሻጭ ሂሳብ ከገባበት ቀን ነው።
ለ. 30% ሻጭ የማሽኑ ሴሪያል ቁጥር ያለበትን የፋብሪካ ፍተሻ ሪፖርት ካቀረበ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ፣ ከመጫኑ በፊት። ገዢ ፍተሻውን በአካል ወይም በቪዲዮ የመከታተል መብት አለው፤ ተቃውሞ ካለው በእነዚሁ 7 ቀናት በጽሑፍ ይገልጻል። ክፍያው ከዘገየ የማስረከቢያው ቀን በዘገየው ልክ ይራዘማል፣ የማከማቻ ወጪም በገዢ ይሸፈናል።
ሐ. 24% ዋናው ማሽንና ኮንትሮል ሳጥኑ፣ 6% ደግሞ ቀሪዎቹ ዕቃዎች ገዢ ግቢ ለማራገፍ ዝግጁ ሆነው ሲደርሱ፣ የገዢ ስቶር ኃላፊ ማስረከቢያ ሰነዱን በፈረመ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ።
መ. 10% ማሽኑ በአባሪ 1 የተገለጸውን ሙከራ አልፎ የርክክብ ሰነዱ በተፈረመ በ10 የሥራ ቀን ውስጥ። ገዢ በአባሪ 2 የተዘረዘሩትን ባለማቅረቡ ሙከራው ካልተካሄደ፣ ሻጭ ዝግጁ መሆኑን በጽሑፍ ካሳወቀበት ቀን ጀምሮ በ30ኛው ቀን ይህ ክፍያ ይፈጸማል። ሻጭ ሙከራውን የማካሄድ ግዴታው ይቀጥላል።"

ቆራጡ
ጥሩ ሆኗል። አንድ ነገር ልጨምር፣ ክፍያው ተጠናቆ እስኪያልቅ ማሽኑ የሻጭ ንብረት ነው ብለሽ ጨምሪ፣ ያኔ 10%ቱን ካልከፈለ ነቅለሽ ትወስጃለሽ።

ጋሽ_ሰነድ
እሱ ላይ ከቆራጡ ጋር አንስማማም። ወለል ላይ በቦልት የታሰረ ማሽን ላይ የንብረትነት አንቀጽ እንዴት እንደሚሠራ እንደየአገሩ ሕግ ይለያያል፣ አንዳንድ ቦታ መመዝገብም ይጠይቃል። ጠበቃ ሳያየው ኮቴሽን ውስጥ አይግባ። ለ10% ብሎ የሚነቅልም አላየሁም።

ሐ ላይ ግን ፊርማ ቢከለከልስ? መኪናው መጥቶ ስቶር ኃላፊው የለም ቢባል? የአጓጓዡ ሰነድ ላይ መድረሻ ቀኑ ተመዝግቦ ገዢው በ3 የሥራ ቀን የጽሑፍ ተቃውሞ ካላቀረበ እሱ በቂ ነው የሚል አስገቢ።

ቆራጡ
እኔ ሁለት ጊዜ ነቅዬ አውቃለሁ ጋሼ፣ ግን እሺ፣ ጠበቃ ይየው።

ኮቴሽን_ጸሐፊ
የ3 ቀኑን ጨመርኩት። አለቃዬ አይቶ ከሞላ ጎደል ተቀብሎታል፣ ለ ላይ ብቻ 7ቱን ወደ 5 አድርጊው አለኝ፣ ከገዢ_ወገን 5 ይበቃዎታል? ሌላው ጥያቄው ደግሞ ዋስትናው ከመቼ ይቆጠር ነው፣ ከሙከራው ካልን እና ሙከራው እንደዚህኛው ሥራ አምስት ወር ከዘገየ ፋብሪካው ለኛ የሰጠው የ12 ወር ዋስትና ከመጫኛው ቀን ጀምሮ እያለቀ ነው።

ከገዢ_ወገን
5 ለኛ አይሆንም፣ ክፍያ ለማስፈረም ብቻ ሦስት ፊርማ ነው የሚዞረው። 7ቱን ተዉት። ዋስትናው ላይ ከሙከራው 12 ወር ወይም ከደረሰበት 18 ወር፣ ቀድሞ የሚያልቀው የሚል ብዙ ጊዜ ይመጣልናል፣ እኛ እንቀበላለን።

ኮቴሽን_ጸሐፊ
እሱም ቢሆን ከፋብሪካው 12 ይረዝማል፣ ልዩነቱን የምንሸከመው እኛ ነን ማለት ነው። ፋብሪካውን 18 ስጡን ብዬ ልጻፍላቸውና መልሱን እዚሁ አመጣለሁ።